«አስቀድሞ ይቀርባል» ስንት ቀን ነው?

ጥያቄ፦ «ቢሯችንን ወደ ሌላ ህንጻ ለማዛወር የተጻፈ ባለ 9 ገጽ የፕሮጀክት ትረካ ተሰጥቶኛል። ቀኖቹ እዚህም እዚያም ተበታትነዋል። ሥራ፣ ባለቤትና ቀን ያለው ሰንጠረዥ አድርጊው ተባልኩ። ቀን ያላቸውን ዓረፍተ ነገሮች እየለቀምኩ ስሞላ ግማሹ ሣጥን ባዶ ቀረ። ምን እያጠፋሁ ነው? ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች አያይዣለሁ። ዛሬ ሰኞ ማርች 2፣ 2026 ነው።»

ምላሽ፦ ያጠፉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀን ያለውን ብቻ መልቀምዎ። የላኩልኝን አንቀጾች ቁጭ ብዬ ሳነብ ከሁሉም የሚያስቸኩለው ሥራ ምንም ቀን ያልተጻፈበት ሆኖ አገኘሁት። እዚያ ላይ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ለቀማው እንዴት እንደሚሠራ ላሳይዎ።

የሰነዱን አንቀጾች በሙሉ ቁጥር ይስጧቸው። ይሄ ቁጥር በሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ይገባል። አለቃዎ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ሲሉ 9 ገጽ እንደገና ማገላበጥ የለብዎትም።

ከዚያ በሁለት ቀለም ያስምሩ። በአንዱ ቀለም ጊዜ የሚናገር ቃል ሁሉ ይሰመርበታል። ቀን ብቻ አይደለም። «በፊት»፣ «በኋላ»፣ «እስከ»፣ «ውስጥ»፣ «ጀምሮ»፣ «እንደተጠናቀቀ»፣ «ወዲያው»፣ «አስቀድሞ» ሁሉም ጊዜ ናቸው። በ Ctrl+F አንድ በአንድ ቢፈልጓቸው ጥሩ ነው። ግን አጻጻፍ እንዳያታልልዎ፤ አንዱ ጸሐፊ «በኋላ» ያለውን ሌላው «በሁዋላ» ይለዋል፣ ፍለጋውም ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ፍለጋውን ከጨረስኩ በኋላ አንድ ጊዜ በዓይኔ ጭምር አነባለሁ።

በሌላው ቀለም ግሶቹ ይሰመሩ። አንድ ግስ፣ አንድ ረድፍ። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ወጥመድ አለው። የእርስዎን 3ኛ አንቀጽ እንየው፦

> «የክፍል ማካፈል ሥራውን የሚሠራ ተቋራጭ እስከ ማርች አጋማሽ ይመረጣል። ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በ4 ሳምንት ውስጥ ክፍሎቹ ተሠርተው፣ ተፈትሸው ርክክብ ይፈጸማል።»

ላይ ላዩን ሲያዩት ሁለት ሥራ ነው፤ መምረጥና መረካከብ። «ተሠርተው፣ ተፈትሸው» የሚሉት ግን ከዋናው ግስ ጀርባ ተደብቀው የቆሙ ሁለት ሥራዎች ናቸው። የሚሠራው ተቋራጩ ነው። የሚፈትሸው እሱ ሊሆን አይችልም፣ ከእናንተ ወገን የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ፍተሻው የራሱ ረድፍ ያስፈልገዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ከተፈረመበት» የሚለው ነው። ውል መፈረም ትልቅ ሥራ ነው። ረቂቅ ይጻፋል፣ ይነበባል፣ ይመለሳል፣ ይፈረማል። በትረካው ውስጥ ግን ልክ በራሱ ጊዜ እንደሚሆን ነገር በአንድ ጥገኛ ቃል ታልፏል። መቼ እንደሚፈረም የሚናገር ቦታ የለም። 4 ሳምንቱ የሚቆጠረው ግን ከዚያ ነው።

ረድፎቹን ሲያወጡ መጀመሪያ የሰነዱን ቃል እንዳለ ይገልብጡ። «እስከ ማርች አጋማሽ» ከሆነ የተጻፈው፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «እስከ ማርች አጋማሽ» ብለው ይተዉት። ወደ ቀን መለወጥ ሁለተኛ ዙር ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሠራ ሰው የራሱን ግምት ከሰነዱ ቃል ጋር ይቀላቅላል፣ በኋላም መለየት ያቅተዋል። ከራሴ የደረሰ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሠራ ቀን ያልነበረው ረድፍ ላይ ይሆናል ያልኩትን ቀን ሞላሁ። ምልክት አላደረግኩበትም። ሰንጠረዡ ለስብሰባ ታትሞ ወጣ፣ ግምቴም ለሌላ ድርጅት በደብዳቤ ቃል ተገባበት። ቀኑ ሲያልፍ «ሰንጠረዡ ላይ አለ» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ እኔ የገመትኩት ቀን ሁሉ አጠገቡ ኮከብ አለው።

አሁን ሁለተኛው ዙር። ያወጡትን እያንዳንዱን የጊዜ ቃል ከሦስት በአንዱ ይመድቡ፦ ቁርጥ ያለ ቀን፣ በሌላ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ቀን፣ ጨርሶ ቀን የሌለው። በእርስዎ ትረካ ቁርጥ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም 1ኛው አንቀጽ ላይ ናቸው፦

> «ቢሮው በአዲሱ ህንጻ ሰኞ ሜይ 4 ለደንበኞች አገልግሎት ይጀምራል። የአሁኑ ህንጻ የኪራይ ውል ኤፕሪል 30 ስለሚያበቃ ቁልፉ ከዚያ በፊት ይመለሳል።»

እነዚህ ሁለት ቀኖች ችካሎቹ ናቸው። ሌላው ሁሉ ከእነሱ ወደ ኋላ ወይም ከተቋራጩ ምርጫ ወደ ፊት እየተቆጠረ ይመጣል።

ከመቁጠርዎ በፊት ሁለት ቃላት ላይ ይቁሙ። አንደኛው «ቀን» ነው። 4ኛው አንቀጽ የኢንተርኔት አቅራቢው መስመሩን የሚዘረጋው ጥያቄው ከደረሰው «በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ» ነው ይላል። ደግነቱ «የሥራ» የሚል ቃል አለበት። ባይኖር ኖሮ መጠየቅ ግድ ነበር፤ ምክንያቱም 30 የሥራ ቀን 6 ሳምንት ነው፣ 30 ተራ ቀን ግን ከ4 ሳምንት ጥቂት ይበልጣል። በእርስዎ ጉዳይ ልዩነቱ 12 ቀን ይመጣል። ሁለተኛው «ከ30 ቀን በኋላ» እና «በ30 ቀን ውስጥ» የሚባሉት ናቸው። «ውስጥ» ቢዘገይ ቢዘገይ የሚደርስበትን ቀን ይነግርዎታል። «በኋላ» ግን ቢፈጥን ቢፈጥን መቼ እንደሚጀምር ነው የሚናገረው፤ መጨረሻው አልተነገረዎትም። ሰዎች በንግግር ሁለቱን ያቀላቅሏቸዋል። ውል ላይ ግን የትኛው እንደተጻፈ ይመልከቱ።

«እስከ»ም ራስ ምታት ነው። «እስከ ዓርብ» ሲባል ዓርብ ራሱ አለበት? ለአንዱ አለበት፣ ለሌላው ሐሙስ ማታ አልቋል። እኔ ክርክሩን በዓምዱ ርዕስ እዘጋዋለሁ፤ «ማብቂያ (ቀኑን ጨምሮ)» ብዬ እጽፋለሁ።

እንግዲህ እንቁጠር። «ማርች አጋማሽ» 15 ነው፣ ግን ማርች 15 እሁድ ይውላል። ስለዚህ ዓርብ ማርች 13 ብዬ እይዛለሁ። ለውሉ መፈረም አንድ ሳምንት ልስጠው፣ ዓርብ ማርች 20 ይሆናል። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ ኮከብ ይደረግበት። ከዚያ 4 ሳምንት ሲቆጠር ርክክቡ ዓርብ ኤፕሪል 17 ላይ ያርፋል። 4ኛው አንቀጽ የአይቲ ቡድኑ የኔትወርክ ገመዱን «ክፍሎቹ ከተጠናቀቁ በኋላ በ1 ሳምንት» ያጠናቅቃል ስለሚል ገመዱ ከኤፕሪል 20 እስከ 24 ይሆናል።

(በነገራችን ላይ ይሄን «በኋላ» ልጠራጠረው። ገመዱ በአዲሶቹ ግድግዳዎች ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ግድግዳው ሳይደፈን መግባት አለበት። ትረካውን የጻፈው ሰው ይሄን አስቦበት እንደሆነ የአይቲ ኃላፊውን ይጠይቁ።)

አሁን 6ኛው አንቀጽ፦

> «ሠራተኞች ከዝውውሩ 1 ሳምንት ቀደም ብለው ዕቃቸውን ማሸግ ይጀምራሉ። ሰርቨሮቹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለው ቅዳሜና እሁድ ይዛወራሉ፤ ከዚያ በፊት ባክአፕ ይወሰዳል።»

ሥራ የሚጀመረው ሜይ 4 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ቅዳሜና እሁድ ሜይ 2 እና 3 ነው። ቁልፉ የሚመለሰው ደግሞ ከኤፕሪል 30 በፊት፣ ማለትም ቢበዛ ረቡዕ ኤፕሪል 29። አዩት? ሰርቨሮቹን ልታወጡ ስትሄዱ ህንጻው ተቆልፎ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ነው። በትረካው ውስጥ 1ኛው አንቀጽና 6ኛው አንቀጽ በብዙ ገጽ ተራርቀው ስለተቀመጡ አንድም ሰው አላየውም። በሰንጠረዥ ላይ ግን ሁለቱ ረድፎች ጎን ለጎን ይመጣሉ። ሰርቨሩ ቁልፉ ከሚመለስበት ረድፍ በታች ሆኖ ሲታይ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል።

እንዲህ ያለውን ግጭት እርስዎ አይፍቱት። ሰንጠረዡን የሚሠራ ሰው ሥራው ግጭቱን አሳይቶ ምርጫ ማቅረብ ነው። ወይ የኪራይ ውሉ ለጥቂት ቀናት ይራዘማል፣ ወይ ሰርቨሮቹ አንድ ሳምንት ቀድመው ቅዳሜና እሁድ ኤፕሪል 25 እና 26 ይዛወራሉ። ለማሳያ ሁለተኛው ተመርጧል ብዬ ልቀጥል፤ ዕቃውም አብሮ ይሂድ።

ይሄን ሲመርጡ ግን አንድ ነገር ይከተላል። አዲሱ ህንጻ ላይ ሰርቨር ከመግባቱ በፊት የኢንተርኔት መስመሩ ዓርብ ኤፕሪል 24 ዝግጁ መሆን አለበት። አቅራቢው 30 የሥራ ቀን ይፈልጋል። ታዲያ ማመልከቻው መቼ ይግባ? ኤክሴል ላይ እንዲህ ይጻፉ፦

```
=WORKDAY(DATE(2026,4,24),-30)
```

መልሱ ዓርብ ማርች 13 ነው፤ ተራ ቁጥር ሆኖ ከታየዎ የሣጥኑን ቅርጸት ወደ ቀን (Date) ይለውጡት። ትረካው ስለዚህ ሥራ የሚለው ደግሞ እነሆ፦ «የኢንተርኔት መስመር ጥያቄ አስቀድሞ ይቀርባል።» በቃ። ቀን የለውም፣ ባለቤት የለውም። እርስዎ ቀን ያላቸውን ብቻ ሲለቅሙ የወደቀው ይሄ ነው። ዛሬን ጨምሮ የቀረው 10 የሥራ ቀን ነው።

በመሃል የሕዝብ በዓል ካለ ቀኑ ከዚህም ይቀድማል። በዓላቱን በአንድ ዓምድ ዘርዝረው ለቀመሩ ይስጡት፦

```
=WORKDAY(DATE(2026,4,24),-30,$K$2:$K$10)
```

WORKDAY ቅዳሜንና እሁድን ዕረፍት አድርጎ ነው የሚቆጥረው። አቅራቢው ቅዳሜ የሚሠራ ከሆነ WORKDAY.INTL ይጠቀሙ።

«1 ወር ቀደም ብሎ» ለሚለው ደግሞ ሌላ ቀመር አለ። 8ኛው አንቀጽ አዲሱ አድራሻ ለደንበኞች «ቢያንስ ከ1 ወር በፊት ይነገራል» ይላል። ከምን በፊት? አልተባለም። ደንበኛ የሚመጣው ሜይ 4 ስለሆነ ከዚያ ልቁጠር። አንድ ወር ወደ ኋላ ኤፕሪል 4 ነው፣ ቅዳሜ። «ቢያንስ» ስለተባለ ወደ ሰኞ መግፋት አይቻልም፣ ወደ ዓርብ መሳብ ነው ያለብን፦

```
=WORKDAY(EDATE(DATE(2026,5,4),-1)+1,-1)
```

ኤፕሪል 3 ይሰጣል። የ +1 ጥቅሙ፣ ቀኑ ራሱ የሥራ ቀን ላይ ከዋለ እንዳይዘለው ነው።

አሁን ስለ ባለቤት። ይሄ ዓምድ ከቀኑ ይልቅ ያስቸግራል፣ ጥፋቱም በአብዛኛው የቋንቋችን አጻጻፍ ነው። የቢሮ አማርኛ «ይመረጣል፣ ይቀርባል፣ ይነገራል፣ ይወሰዳል» ማለት ይወዳል። ማን? ዝም። ቀላል ፈተና አለ፤ ግሱን ወደ አድራጊ ይለውጡት። «ጥያቄው ይቀርባል» የሚለውን «___ ጥያቄውን ያቀርባል» ያድርጉት። ባዶ ቦታውን ሰነዱ ከሞላልዎ ባለቤት አለ። ካልሞላ ባለቤት የለውም፣ የጥያቄ ምልክት ይግባ። በእርስዎ አንቀጾች ውስጥ ይሄን ፈተና ያለፉት ተቋራጩ፣ አቅራቢው፣ ሠራተኞችና የአይቲ ቡድኑ ብቻ ናቸው።

ከነዚህም «የአይቲ ቡድኑ» እና «ሠራተኞች» በቂ አይደሉም። ቡድን ስልክ አያነሳም። በሣጥኑ ውስጥ አንድ ሰው ይግባ፤ ቢዘገይ የሚደወልለት። ለውጭ ድርጅት ሥራም እንዲሁ። መስመሩን የሚዘረጋው አቅራቢው ቢሆንም እሱን እየደወለ የሚከታተል ከእናንተ አንድ ሰው አለ። ሰንጠረዡ ላይ የሚጻፈው ያ ሰው ነው። እዚህ የማላውቃቸውን ስሞች በሥራ መደብ ተክቻቸዋለሁ።

| ቁ. | ሥራ | ባለቤት | መነሻ | ማብቂያ (ቀኑን ጨምሮ) | የሚጠብቀው | አንቀጽ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 1 | የኢንተርኔት መስመር ማመልከቻ ማስገባት | ? | ማርች 2* | ማርች 13* | – | 4 |
| 2 | ተቋራጭ መምረጥ | ? | ማርች 2* | ማርች 13 | – | 3 |
| 3 | ውል መፈረም | ? | ማርች 16* | ማርች 20* | 2 | 3 |
| 4 | አዲሱን አድራሻ ለደንበኞች ማሳወቅ | ? | – | ኤፕሪል 3* | – | 8 |
| 5 | ክፍሎቹን መሥራት | ተቋራጩ (ተከታታይ ?) | ማርች 20 | ኤፕሪል 15* | 3 | 3 |
| 6 | ፈትሾ መረከብ | ? | ኤፕሪል 16* | ኤፕሪል 17 | 5 | 3 |
| 7 | የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት | የአይቲ ኃላፊ | ኤፕሪል 20 | ኤፕሪል 24 | 6 | 4 |
| 8 | የኢንተርኔት መስመር መዘርጋት | አቅራቢው (ተከታታይ ?) | ማርች 13 | ኤፕሪል 24 | 1 | 4 |
| 9 | ዕቃ ማሸግ | የየክፍሉ ኃላፊ* | ኤፕሪል 18* | ኤፕሪል 24* | – | 6 |
| 10 | ባክአፕ መውሰድ | የአይቲ ኃላፊ* | ኤፕሪል 24* | ኤፕሪል 24* | – | 6 |
| 11 | ሰርቨርና ዕቃ ማዛወር | የአይቲ ኃላፊ* | ኤፕሪል 25* | ኤፕሪል 26* | 7፣ 8፣ 9፣ 10 | 6 |
| 12 | የድሮውን ህንጻ ቁልፍ መመለስ | ? | – | ኤፕሪል 29 | 11 | 1 |
| 13 | ለደንበኞች አገልግሎት መጀመር | ? | – | ሜይ 4 | 11 | 1 |

9ኛውን ረድፍ በዓይንዎ ይያዙ። ዝውውሩ ኤፕሪል 25 ከሆነ «1 ሳምንት ቀደም ብሎ» ቅዳሜ ኤፕሪል 18 ነው። በተግባር ማሸጉ ሰኞ ኤፕሪል 20 ይጀመራል ማለት ነው፤ ሰነዱ የሚለው ግን 18 ስለሆነ እስኪጠየቅ ድረስ 18 ይቆይ።

«የሚጠብቀው» የሚለውን ዓምድ ብዙ ሰው ይተወዋል። እኔ ግን ከሁሉም እሱን ነው የምወደው። ከ11 ተነስተው ወደ ኋላ ይከተሉት፦ 11 የሚጠብቀው 7ን፣ 7 የሚጠብቀው 6ን፣ 6 5ን፣ 5 3ን፣ 3 2ን። በመሃላቸው አንድም ትርፍ የሥራ ቀን የለም። ውሉ በ3 የሥራ ቀን ቢዘገይ ርክክቡ ኤፕሪል 22፣ ገመዱ ኤፕሪል 29 ይደርሳል። ሰርቨሩን ማዛወር በዚያ ቅዳሜ አይቻልም፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ቁልፉ የለም። ይሄን ትረካው አይናገርም። ሰንጠረዡን ሲያስረክቡ ከላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር። ከላይ ለንባብ እንዲመች «ማርች 13» ብዬ ጽፌያለሁ። ኤክሴል ውስጥ ግን በፊደል ከጻፉት ለእሱ ቀን አይደለም፣ ተራ ጽሑፍ ነው። በቀን ቅደም ተከተል አይደረደርም፣ ቀመር ውስጥ ሲገባም #VALUE! ይላል። 2026-03-13 ብለው ያስገቡ። 03/04 ዓይነት አጻጻፍ አይጠቀሙ፤ ለአንዱ ማርች 4 ለሌላው ኤፕሪል 3 ነው። ለማረጋገጥ፦

```
=ISNUMBER(E2)
```

TRUE ካለ ቀን ነው፣ FALSE ካለ ጽሑፍ። ሰነዱ በሁለት የዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካለው ደግሞ ሁሉንም አስቀድመው ወደ ጎርጎርዮሳዊው ይመልሱ፤ WORKDAY የሚቆጥረው በእሱ ነው።

ሲጨርሱ ኮከብና የጥያቄ ምልክት ያለባቸውን ብቻ ይልቀሙና ለሚመለከተው ሰው ይላኩ። «ሰንጠረዡን አይተው አስተያየት ይስጡ» ብለው አይላኩ፤ ማንም አያየውም። ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ ይሁን። ለምሳሌ፦ «4ኛው አንቀጽ የኢንተርኔት ማመልከቻውን ማን እንደሚያስገባ አይልም። የአይቲ ኃላፊው ናቸው ወይስ አስተዳደር? ኤፕሪል 24 መስመር እንዲኖር ማርች 13 መግባት አለበት።» ምላሹ ሲመጣ ኮከቡን ያንሱ፣ መልሱን የሰጠውን ሰውና ቀኑን በአንቀጽ ዓምድ ላይ ይጻፉ። ያን ጊዜ የረድፉ ምንጭ ትረካው መሆኑ ቀርቶ ያ ሰው ይሆናል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሰንጠረዡን ከማሳመሬ በፊት የ1ኛውን ረድፍ ጥያቄ ዛሬውኑ እልክ ነበር። 13ቱም ረድፍ እስኪያምር ከጠበቁ ከ10ሩ ቀን ሦስቱ ይሄዳሉ።